«ሰባተኛ ወጣች» ማለት ምን ማለት ነው?



ሰኔ ሲያልቅ በአዳማ ሰፈሮች መምህር ለመሆን የሚማር ሰው አንድ ተጨማሪ ሥራ ይመጣበታል። የጎረቤት ልጆች ካርድ ያነባል። እኔም ይኸው ከገባሁ ጀምሮ ይኸንኑ ሥራ ስሠራ ቆይቻለሁ። ካርድ ይዘው የሚመጡት ወላጆች ፊደል ያልቆጠሩ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አብዛኞቹ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ክፍል ደርሰው ያቋረጡ ናቸው። ቁጥር ያነባሉ፣ ስማቸውን ይጽፋሉ፣ ይፈርማሉ። ቃሉንም አንድ በአንድ ቢጠይቋቸው ያውቁታል። የሚቸግራቸው ከዚያ ሁሉ ቁጥር መካከል የትኛው ዋናው እንደሆነና የመምህሩ ቃል ምን አድርጉ እንደሚላቸው መለየት ነው።

ለዚህ ጽሑፍ አንድ ካርድ መርጫለሁ። ባለቤቷ የ5ኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን፣ እናቷን እትዬ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ሦስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቋርጠው ዛሬ ሽንኩርትና ቲማቲም ይነግዳሉ። ዕቃውን ከመቂ ያመጣሉ፤ ጎህ ሳይቀድ ወጥተው፣ በሞጆ በኩል ሄደው፣ ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ። ካርዱን ሲሰጡኝ ፊታቸው በርቶ ነበር። «ከዘጠነኛ ሰባተኛ ወጥታልኛለች። እስቲ ደግሞ አንተ እየው» አሉኝ። ደረጃውን ያነበበችላቸው ልጅቱ ራሷ ናት። እንደሚታወቀው በብዙ ቤት ካርዱን ለወላጅ የሚያነበው ባለካርዱ ነው፤ ልጅ ደግሞ የሚያነበውን ይመርጣል፤ ማን ይፈርድበታል?

ቀጥለው የተናገሩት ግን ካርዱን በጥንቃቄ እንዳይ አደረገኝ። «እኔ መቂ ስሄድ ትንሹን እየያዘች ቤት ትውላለች። መምህሯ ይቆጣሉ ብዬ ስፈራ ነበር። ግን ሰባተኛ ከወጣች፣ መቅረቷ ምን ጎዳት?» አሉ። ደረጃው ለእሳቸው ሽልማት ብቻ ሳይሆን ፈቃድም ሆኖላቸው ነበር። ልጅቱ በመጪው ዓመት 6ኛ ክፍል ትገባለች። የ6ኛ ክፍል ፈተናም ይጠብቃታል።

ካርዱ እንዲህ ይላል። የትምህርቱ ዓይነት 8 ነው። በአንደኛው መንፈቅ ዓመት ድምር 568፣ አማካይ 71፣ ደረጃ ከ52 ተማሪ 9ኛ። በሁለተኛው ድምር 528፣ አማካይ 66፣ ደረጃ ከ47 ተማሪ 7ኛ። የቀረችባቸው ቀናት በመጀመሪያው 2፣ በሁለተኛው 11። ከግርጌ የክፍል ኃላፊዋ መምህር አስተያየት አለ፤ «ጎበዝ ተማሪ ናት። በሒሳብ ትኩረት ታድርግ። የወላጅ ክትትል ያስፈልጋታል» ይላል።

መጀመሪያ ደረጃውን እንይ። አማካዩ በ5 ነጥብ ወርዶ ደረጃው እንዴት ወጣ? መልሱ ከጎኑ ባለው የተማሪ ብዛት ውስጥ ነው፤ 52 የነበሩት 47 ሆነዋል። ሥራ ተከትለው ቤት የሚቀይሩ ቤተሰቦች በእኛ አካባቢ ከተሞች ብዙ ናቸውና በዓመቱ መካከል 5 ልጆች ከክፍሉ ወጥተዋል። በኋላ ከክፍል ኃላፊዋ እንደሰማሁት ከአምስቱ ሁለቱ ከልጅቱ ፊት የነበሩ ናቸው። እንግዲህ ሁለት ሰው ከፊቷ ተነሣ፣ እሷ ሁለት ደረጃ ወጣች። አንድንም ልጅ አልቀደመችም። ለእትዬ ይኸን ያስረዳሁት በገበያ ቋንቋ ነው። «እትዬ፣ አጠገብዎ የሚሸጡ ሁለት ጥሩ ነጋዴዎች ገበያውን ትተው ቢሄዱ እርስዎ ከተራው ወደ ፊት ይጠጋሉ። የዚያን ቀን ግን ኪስዎ የገባው ካለፈው ሳምንት ቢያንስስ?» ስላቸው ዝም ብለው አሰቡና «አይ፣ እኔ የማየው ኪሴን ነው» አሉ።

ኪሱን ለማየት ከ100 የተሰጠውን ነጥብ በሳንቲም ለወጥነው። መቶው አንድ ብር ነው። ማለፊያው 50፣ ማለትም ሽልንግ። ሽልንግ ያልሞላ ወድቋል። ይኸ አቆጣጠር ለእትዬ ከማንኛውም ሠንጠረዥ ይቀላል፤ ሳንቲሙ ከገበያ ቢጠፋም ስሙ ከአፍ አልጠፋም። ከዚያ የሁለቱን መንፈቆች ነጥብ ጎን ለጎን አድርገን አንድ በአንድ ወረድን። ጠቅላላ የጠፋው 40 ነጥብ ነው። ሒሳብ ከ68 ወደ 45 ወርዶ 23ቱን ብቻውን ወስዷል። እንግሊዝኛ ከ62 ወደ 50 ወርዶ 12 ወሰደ። የቀሩት ስድስቱ ትምህርቶች አንድ ላይ ያጡት 5 ነጥብ ብቻ ነው። አማካዩ ግን 66 ብሎ ዝም ይላል፤ ከስምንቱ አንዱ ሽልንግ እንዳልሞላ አይናገርም።

«እንግዲህ ሒሳብ አይገባትም ማለት ነው» አሉ እትዬ። ከካርዱ የሚነበበው በእርግጥ ይኸው ነው። እዚህ ላይ ግን ካርዱ ያልያዘው ነገር አለ፤ 45 የሚለው ቁጥር ከምን ከምን እንደተሰበሰበ አይገልጽም። ስለዚህ እትዬን ይዤ ወደ ክፍል ኃላፊዋ ሄድኩ። መምህሯ በደስታ ተቀበሉንና የውጤት መዝገባቸውን ከፈቱልን። በዚያ ክፍል የማጠቃለያ ፈተናው 50 ይይዛል። ልጅቱ 31 አግኝታለች፤ በእኛ ሳንቲም ከብሩ 62 ማለት ነው። የቀረው 50 በመንፈቁ ውስጥ የሚሰበሰብ ነው። ከዚያ ውስጥ 20ው የሁለት አጫጭር ፈተናዎች ሲሆን፣ በሁለቱም ላይ 0 ተጽፏል። 30ው የቤት ሥራ፣ የክፍል ሥራና የቡድን ሥራ ነው፤ ከሱ 14 አላት። 31 እና 14፣ 45።

ሁለቱ ዜሮዎች ተፈትና የወደቀችባቸው አይደሉም። ያልተፈተነችባቸው ናቸው። የስም መጥሪያው መዝገብ ሲታይ ከ11ዱ ቀሪ 9ኙ ማክሰኞና ሐሙስ ላይ ናቸው፤ እትዬ መቂ የሚሄዱባቸው ቀናት። ሁለቱም አጫጭር ፈተናዎች የተሰጡት ሐሙስ ነው። በክፍል መርሐ ግብሩም ሒሳብ በሁለቱም ቀን የጠዋቱ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ነው። ከ30 ነጥብ 14 ያገኘች ልጅ ፈተናዎቹንም በዚያው መጠን ብትሠራቸው ከ20ው 9 ያህል ይደርሳት ነበር፤ 45 የነበረው 54 ይሆናል፤ ከሽልንግ ይበልጣል ማለት ነው። ድንቅ አይደለም፤ ግን ወድቃለች ከማለት ይለያል። ባዶና ዜሮ አንድ አለመሆናቸውን እኛ በክፍል ውስጥ እንማራለን፤ ካርድ ላይ ግን ሁለቱም ተደምረው አንድ ቁጥር ሆነው ይወጣሉ።

አሁን ወደ አስተያየቱ። እትዬን ከሁሉ ያስደነገጣቸው «ክትትል» የሚለው ቃል ነው። ቃሉን የሚያውቁት ከጤና ጣቢያ ነው፤ ክትትል ያለው ሰው በሽታ ያለበት ነው። «ምን ሕመም አይተውባት ነው?» ብለው በጭንቀት ጠየቁኝ። ሌላ ሰፈር ያሉ አንድ አባት ደግሞ ይኸንኑ ቃል ከፖሊስ ጋር አያይዘው ልጃቸው አጥፍቷል ብለው ገርፈውታል። መምህራን «ክትትል» ስንል ምን ማለታችን ነው? ደብተር እዩ? ሰዓት አስከብሩ? ከትምህርት አታስቀሯት? የእትዬ ልጅ መምህር ለማለት የፈለጉት የመጨረሻውን ነበር፤ ጠይቄያቸው ነግረውኛል። «የመጻፊያው ቦታ እኮ ሁለት ጣት አይሞላም፤ ካርዱ 47 ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግን በዚያው ቦታ «በ11 ቀን ቀርታ 2 የሒሳብ ፈተና አምልጧታል፤ ሐሙስ አትቅር» የሚለው ይገባል። ቆጥሬዋለሁ፤ ከተጻፈው በፊደል ያንሳል እንጂ አይበልጥም። ወላጅ ደግሞ ያን ሰምቶ የሚያደርገው ነገር አለው፤ «ትኩረት ታድርግ» የሚለውን ሰምቶ ግን ከመቆጣት በቀር ምን ያደርጋል?

በነገራችን ላይ፣ በአዳማ ይኸ ችግር ሌላም መልክ አለው። በአፋን ኦሮሞ የሚማሩ ልጆች ካርድ በቁቤ የተጻፈ ነው። አንድ አዛውንት የልጅ ልጃቸውን ካርድ ይዘው መጡ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛ ማንበብ የተማሩ ሰው ናቸው፤ ያኔ ግን ይጻፍ የነበረው በኢትዮጵያ ፊደል ነው። ቁቤ የትምህርት ቤት ጽሕፈት የሆነው ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ስለሆነ በገዛ ቋንቋቸው የተጻፈውን ካርድ ማንበብ አልቻሉም። ጮክ ብዬ ሳነብላቸው ግን አንድም ቃል እንድተረጉምላቸው አላስፈለገም። እንዲያውም «ሰደርካ» ብዬ ደረጃውን ስነግራቸው «እሱን ተወውና ስንት ቀን ቀረ?» ብለው ቀደሙኝ። ስለዚህ ለእንደዚህ ያለ ሰው ማብራሪያ ከመደርደር በፊት ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ይበቃል።

የእትዬን ነገር ልጨርስ። ከመምህሯ ጋር ተነጋግረው ሐሙስን ለመተው ተስማሙ፤ የማክሰኞውን መንገድ ግን መተው አልቻሉም፤ ከሱ ውጪ እንጀራ የለም። ማክሰኞ ትንሹን ልጅ የምትይዝ አንዲት ጎረቤት ተገኘች፤ እሷም ሲመቻት ብቻ። መምህሯ በበኩላቸው የፈተና ቀን ሲወስኑ በልጅቱ ደብተር ላይ ቀደም ብለው ሊጽፉ ቃል ገቡ። ይኸንን ጽፈውም አይተናል።

የ6ኛ ክፍል የመጀመሪያ መንፈቅ ካርድ ሲመጣ ቀሪው 4 ቀን ነበር፤ ሒሳብ 57፣ ደረጃ 10ኛ። ደረጃዋ ወረደ ብለው ጎረቤቶች ሲያዝኑላቸው እትዬ ነገሩን አላነሡትም፤ ወደ እኔ መጥተው ጣታቸውን ያሳረፉት እንግሊዝኛው ላይ ነው። 51 ይላል። «ይኸስ? ሐሙስ አልቀረችም እኮ» አሉኝ። እውነት ነው፣ መቅረት ይኸኛውን አያስረዳውም። ልጅቱ የተፈተነችበትን ወረቀት እንድታመጣልኝ ነግሬያታለሁ፤ ቅዳሜ እናየዋለን።