በላጲስ የጠፋው መልስ

የፈተናው ጊዜ ሊያበቃ አምስት ደቂቃ መቅረቱን ፈታኙ ድምፁን ከፍ አድርጎ አስታወቀ። የሕዝብ ጤና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዋ ጥያቄዎቹን ሁሉ ጨርሳ ነበር። ወረቀቷን አስረክባ መውጣት ስትችል አሥራ ሰባተኛውን ጥያቄ ደግማ አነበበች።

ጥያቄው ስለ አንድ በሽታ ነው። በሽታው ከ100 ሰዎች አንዱን ይይዛል። ምርመራው ከታማሚዎቹ 90 በመቶውን ያገኛል፤ ከጤነኞቹም 9 በመቶውን በስሕተት ታማሚ ናቸው ይላል። ታዲያ «በሽታው አለብህ» የተባለ ሰው በእርግጥ ታማሚ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው?

ቀደም ሲል በወረቀቱ ጀርባ ላይ 1,000 ሰዎችን አስባ ሠርታዋለች። ከእነዚህ 10ሩ ታማሚ ናቸው፤ ምርመራው ዘጠኙን ያገኛል። ከ990ው ጤነኞች ደግሞ 89 ያህሉን በስሕተት ይጨምራል። እንግዲህ «አለባችሁ» ከተባሉት 98 ሰዎች መካከል ታማሚዎቹ ዘጠኝ ብቻ ናቸው፤ ይህም ወደ 9 በመቶ ይጠጋል። «ለ»ን አጥቁራ አልፋ ነበር።

አሁን ግን ቁጥሩ እጅግ አነሰባት። ከ100 ታማሚዎች 90ውን የሚለይ ምርመራ እንዴት ይህን ያህል ሊያሳስት ይችላል? ወረቀቱን ገልብጣ ስሌቱን ለማየት ግማሽ ደቂቃ በበቃት ነበር፤ አልገለበጠችውም። «ለ»ን በላጲስ አጥፍታ 90 በመቶ የሚለውን «መ» አጠቆረች።

ውጤቱ ሲመጣ አንድ ነጥብ ጎድሎባት የተመኘችው ማዕረግ አመለጣት። የክፍል ጓደኞቿም ተማሪ ሁሉ የሚያውቀውን ምክር ለገሷት፦ የመጀመሪያውን መልስ አትንኪ። እርሷም ምክሩን እንደ ሕግ ያዘችው። በቀጣዩ ፈተና አንዱን ጥያቄ ስትከልስ «ትክክል የሆነው» ብላ ያነበበችው «ትክክል ያልሆነው» መሆኑን በግልጽ አየች፤ ሆኖም ላጲሱን ለማንሣት ፈራች። ያ መልስ ስሕተት ነበር። ከመጀመሪያው ይልቅ ያንገበገባት ይህኛው ነው፤ እያወቀች ትታዋለችና።

ሁለቱንም ወረቀቶች ይዛ ወደ መምህሯ ቢሮ ሄደች።

«በመጀመሪያው ፈተና ስንት መልስ ቀየርሽ?» ሲሉ ጠየቋት።

«አንድ ብቻ ነው የማስታውሰው፣ መምህር።»

መምህሩ የመልስ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው የላጲሱን ምልክቶች ቆጠሩ፤ ስድስት ነበሩ። ሦስቱ ከስሕተት ወደ ትክክል፣ ሁለቱ ከስሕተት ወደ ሌላ ስሕተት የተቀየሩ ናቸው። ከትክክል ወደ ስሕተት የሄደው አሥራ ሰባተኛው ብቻ ነበር። ያተረፉላት ሦስቱ ከአእምሮዋ ፈጽሞ ጠፍተዋል።

መምህሩ ጀስቲን ክሩገርና ባልደረቦቹ በ2005 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን ጥናት አነሡላት። ተመራማሪዎቹ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የ1,561 ፈተናዎችን የላጲስ ምልክት መርምረው ነበር። ከተቀየሩት መልሶች 51 በመቶው ከስሕተት ወደ ትክክል፣ 25 በመቶው ከትክክል ወደ ስሕተት፣ የቀረው ከስሕተት ወደ ስሕተት የተዛወሩ ሆነው ተገኙ። ሰው በእጁ ይዞት የነበረውን መልስ ራሱ ሲጥለው ጸጸቱ ይበረታል፤ የበረታ ጸጸትም በትዝታ ውስጥ ከቁጥሩ በላይ ቦታ ይይዛል። ሆኖም ጥናቱ የለካው ተማሪዎቹ መርጠው የቀየሯቸውን መልሶች ነው፤ ጥርጣሬ በመጣ ቁጥር ቀይሩ አይልም። ከአራቱ አንዱ እንደ እርሷ ከስሯል።

«አሥራ ሰባተኛውን ስትቀይሪ ምን አይተሽ ነው?»

ጥቂት አሰበች። «ምንም አላየሁም። ቁጥሩ አነሰብኝ እንጂ።»

«ሁለተኛውንስ?»

«ቃሉን በተሳሳተ መንገድ ማንበቤን አየሁ።»

መምህሩ ምንም አልጨመሩም። እርሷ ግን ወደ ቤቷ ስትሄድ የአሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ምርመራ በገዛ ራሷ ውስጥ እንዳለ ታያት። ጥርጣሬዋ በታመመው መልስ ላይ እንደሚጮኽ ሁሉ በጤነኛውም ላይ ይጮኻል፤ ጤነኛው ሲበዛ ደግሞ አብዛኛው ጩኸት የሐሰት ይሆናል። የመጀመሪያው ጥርጣሬ ከስሜት በቀር የሚያሳየው ነገር አልነበረውም፤ ሁለተኛው ግን ጣት የሚቀሰርበት ቃል ነበረው።

ከወራት በኋላ ለመመረቂያ ጽሑፏ የሰበሰበችውን መረጃ ስታጠራ የአንድ ጤና ጣቢያ ቁጥር ከሌሎቹ ሁሉ አነሰባት። ከመዝገቡ ቅጂ ጋር መስመር በመስመር አመሳከረችው፤ ልክ ስለነበር እንዳለ ተወችው። በሚቀጥለው ገጽ ላይ ምንም ያልተጠራጠረችበት አንድ ታካሚ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ አገኘች። አንዱን ሰረዘች፤ ለምን እንደሰረዘችውም በኅዳጉ ላይ ጻፈች።