ፎቶው አድራሻዎን ይዞ ሲሄድ

ለአዲስ እንግዳ ቤትዎን እንዴት ነው የሚያስረዱት? እኛ የቤቴል ሰዎች «ከጦር ኃይሎች ታክሲ ያዝ፣ ቤቴል ሆስፒታል ጋ ስትደርስ ደውል» እንላለን። ከዚያ ወጥተን እንቀበላለን እንጂ በቤት ቁጥር ብቻ የሚያገኘን ጥቂት ነው። ስልክዎ ግን እንዲህ አይቸገርም። ካሜራው ቦታ እንዲመዘግብ ከተፈቀደለት፣ ፎቶው የተነሳበትን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ፋይሉ ውስጥ ይጽፋል። ምስሉን ሲያዩት ግን አይታይም።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ የምርት ፎቶዎች በቴሌግራም ይደርሱኛል። ለኅትመት ስንፈልጋቸው «በፋይል ላኩልን» እንላለን፤ ቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከን ምስል ስለሚጨምቀው ጥራቱ ይቀንሳላ። ሲጨምቀው ግን የቦታ መረጃውንም ያስቀረዋል። File ተብሎ የተላከ ምስል ከነሙሉ መረጃው ነው የሚሄደው። ለጥራት ብለን የምንመርጠው መንገድ አድራሻችንንም ያደርሳል ማለት ነው።

አንዲት ዘመዴ የልጇን አልጋ ለመሸጥ መኝታ ቤት ውስጥ ፎቶ አነሳችና ጥርት ብሎ እንዲታይ በፋይል አድርጋ ቻናል ላይ ለቀቀችው። የጻፈችው አድራሻ «ቤቴል» የሚል ብቻ ነበር። ፎቶውን አውርጄ ጋለሪ ውስጥ ከፍቼ ወደ ላይ ሳንሸራትተው ካርታ ወጣ። በ9 እና በ38 የሚጀምሩት ሁለት ቁጥሮች ከነጥብ በኋላ ብዙ አሃዝ አላቸው፤ አራተኛው አሃዝ ብቻ እስከ 11 ሜትር ገደማ ይለያል። ቤት ውስጥ ስልክ ቦታን ትንሽ ሊስት ይችላል፤ የእሷ ምልክት ግን ያረፈው ግቢያቸው ላይ ነበር።

ይህ ታዋቂ ሰውንም አጋልጧል። የቤሊዝ ፖሊስ ለጥያቄ ይፈልገው የነበረው ጆን ማካፊ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2012 ተደብቆ ሳለ አብረውት የነበሩ ጋዜጠኞች ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ አወጡ። ፋይሉ ውስጥ የቀረው የቦታ መረጃ ጓቲማላ መሆኑን ተናገረበት።

መፍትሔው ደቂቃ አይፈጅም። በአይፎን Settings ውስጥ Privacy & Security፣ ቀጥሎ Location Services፣ ከዚያ Camera ገብተው Never ይምረጡ። በሳምሰንግ የካሜራው ሴቲንግ ውስጥ Location tags የሚለውን ያጥፉ። ይህ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ለሚነሱ ፎቶዎች ነው፤ የድሮዎቹ መረጃቸውን እንደያዙ ይቆያሉ። ስለዚህ የድሮ ፎቶ ሲልኩ ወይ እንደ ተራ ፎቶ ይላኩት፣ ወይ ስክሪንሾት አንስተው ስክሪንሾቱን ይላኩ።

መረጃው ቢጠፋም ምስሉ ራሱ ይናገራል። በመስኮት የሚታይ የኮንዶሚኒየም ብሎክ ቁጥር ወይም የልጅ ዩኒፎርም ላይ ያለ የትምህርት ቤት ስም ካርታ አያስፈልገውም። ዘመዴ ፎቶውን አጥፍታ እንደ ተራ ፎቶ መልሳ ለቀቀችው፤ አልጋውም ተሸጠ። የመጀመሪያውን ቀድሞ ያወረደ ሰው ካለ ግን ፋይሉ አሁንም እጁ ላይ ነው። ስለዚህ ማየቱ የሚጠቅመው ከመላክ በፊት ነው።