ከሁለቱም ዝርዝር የጠፉት 57 ሰዎች

በ2017 ለትንሣኤ ቤተሰብ ጥየቃ ጭሮ ወርጄ ነበር። እናቴ እስካሁን «አሰበ ተፈሪ» ነው የምትላት። በዓሉ ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ፕሮግራም የሰራሁለት አንድ ድርጅት ቢሮ ሰላም ልበላቸው ብዬ ጎራ አልኩ። ድርጅቱ በሚኤሶና በአካባቢው ላሉ ሰዎች ለእርባታ የሚሆኑ ፍየሎች ያከፋፍላል። ምዝገባውን የሚይዘውና ማን ደንቡን እንደሚያሟላ የሚለየው ፕሮግራም የእኔ ስራ ነው።

በሩ ላይ አንዲት እናት ቆመው ከመዝጋቢው ልጅ ጋር በኦሮምኛ ይነጋገራሉ። ከሚኤሶ ወገን በሚኒባስ ነው የመጡት። የተፈቀደላቸው ሰዎች ዝርዝር ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ ስማቸው የለም። ያልተፈቀደላቸው ዝርዝርም አጠገቡ አለ፣ እዚያም ስማቸው የለም። መዝጋቢው ደብተሩን ገልጦ አሳየኝ፤ መመዝገባቸው እርግጥ ነው።

«ከከለከሉኝ ከለከሉኝ ይበሉ። እኔ ግን የት ነው ያለሁት?» አሉ።

ላፕቶፔን እዚያው ከፍቼ ቆጠርኩ። የተመዘገበው 412 ሰው ነው። የተፈቀደለት 331፣ ያልተፈቀደለት 24። ሁለቱ ሲደመሩ 355 ይመጣሉ። 57 ሰው የለም።

ከደንቡ አንዱ አንቀጽ «ተረካቢው 18 ዓመት የሞላው ይሁን» ይላል። ሁለቱን ዝርዝሮች ያወጣሁት እንዲህ ነበር፦

```sql
SELECT name FROM people WHERE age >= 18;
SELECT name FROM people WHERE age < 18;
```

ሰው ወይ 18 ሞልቶታል ወይ አልሞላውም፤ ሦስተኛ ነገር የለም ብዬ ነበር ያሰብኩት። ስለ ሰው ከሆነ ልክ ነኝ። ዳታቤዙ ግን የሚያየው ሰውን ሳይሆን ወረቀቱን ነው። የእኚህ እናት ቅጽ ላይ የዕድሜ ሳጥኑ ባዶ ነበር፤ ባዶው ሲገባ `NULL` ሆነ። `NULL >= 18` ሲባል መልሱ እውነትም ሐሰትም አይደለም፣ «አይታወቅም» ነው። `NULL < 18` ሲባልም እንደዚያው። `WHERE` ደግሞ የሚያሳልፈው እውነት የሆነውን ብቻ ነው። ስለዚህ ሴትየዋ ከሁለቱም ወደቁ። ምንም ስህተት የሚል መልእክት አልመጣም።

የሚገርመው፣ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሌላ ቦታ ብጽፈው ፍርዱ ይገለበጥ ነበር። ሠንጠረዡ ላይ `CHECK (age >= 18)` ብዬ ዘበኛ ባቆም ኖሮ ባዶው ዕድሜ ያለምንም ጥያቄ ይገባል፣ ምክንያቱም `CHECK` የሚመልሰው ሐሰት የሆነውን ብቻ ነው። አንድ ደንብ፣ አንድ ባዶ ሳጥን፣ አንዱ በር ያስገባል አንዱ ያስወጣል። ባዶው ምን ይሁን ብሎ የወሰነ ሰው ስላልነበረ፣ የቋንቋው ልማድ ወሰነልን።

እዚያው ያደረግኩት የመጀመሪያ «ማስተካከያ» ከስህተቱ የባሰ ነበር። ሳጥኑ ላይ ቀይ ኮከብ አደረግኩበት፤ ዕድሜ ካልተሞላ ቅጹ አይላክም። በሳምንቱ ባዶ ሳጥን የሚባል ጠፋ። ግን አዲስ የገቡትን ዕድሜዎች ስደረድራቸው 30፣ 35፣ 40፣ 45 ተከምረዋል፤ 31 እና 37 የሉም ማለት ይቻላል። ሕዝብ ቆጠራ የሚያጠኑ ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁታል፤ ልደቱን በውል የማያውቅ ሰው በ0 እና በ5 ወደሚያልቅ ቁጥር ይጠጋል። ሌላው ክምር ደግሞ ልክ 18 ላይ ነበር። መዝጋቢው አልዋሸም፣ እኔ ነኝ መውጫ ያሳጣሁት። ኮከቡ ያላወቅነውን እንድናውቅ አላደረገንም፤ አለማወቃችንን ነው የደበቀው። በፊት ቢያንስ ባዶው ይታይ ነበር።

ሰዉ ዕድሜውን አለማወቁ ደግሞ ስንፍና አይደለም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል፤ ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው ግን በ2008 መጨረሻ ነው። ፍየል ለመረከብ የሚደርስ ሰው ሁሉ ከዚያ በፊት የተወለደ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መልሱን ያገኘሁት ከእናትየዋ ነው። መዝጋቢው «አዴ፣ መቼ ተወለዱ?» ሲላቸው «አላውቅም» አሉ። «ደርግ ሲወድቅ ምን ያህል ነበሩ?» ሲላቸው ግን ወዲያው፣ «የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ ነበር» አሉ። ደርግ የወደቀው በ1983 ነው። በ2017 ከዚያ ወዲህ 34 ዓመት አልፏል፣ ያኔ ደግሞ የልጅ እናት ነበሩ። ዕድሜያቸው 47 ይሁን 60 አላውቅም፤ ከ45 እንደማያንስ ግን አውቃለሁ። ደንቡ የጠየቀው 18ን ብቻ ነው። የልደት ቀናቸው አሁንም ባዶ ነው፣ ፍርዱ ግን አልቋል።

ስለዚህ አንዱን ሳጥን በሁለት ተካሁት፦ «ከዚህ አያንስም» እና «ከዚህ አይበልጥም»። አጠገቡ በምን እንደታወቀ የሚጻፍበት መስመር አለ። ፍርዱም ሦስት ሆነ፦

```sql
CASE
  WHEN age_min >= 18 THEN 'pass'
  WHEN age_max < 18 THEN 'fail'
  ELSE 'ask'
END
```

ሁለቱም ባዶ ከሆኑ ሁለቱም `WHEN` እውነት ስለማይሆኑ ሰውየው `ask` ላይ ያርፋል፣ ማለትም «ይጠየቅ»። ከ57ቱ 49ኙ እንዲህ ባለ አንድ ጥያቄ ተፈቱ። አምስቱ ደግሞ ዕድሜያቸውን መጠየቅም አላስፈለገም፤ ቤተሰባቸው ባለፈው ዙር ወስዷል፣ ደንቡም ሁለተኛ አይሰጥም። ዕድሜያቸው ስንትም ቢሆን መልሱ ስለማይለወጥ፣ ለዚያ ብሎ ሰውን ማመላለስ በከንቱ ማድከም ነው።

የቀሩት ሦስቱ ወጣቶች ናቸው። «በሚሌኒየሙ አካባቢ» ተወለዱ የተባሉ፤ 1999 ከሆነ ሊያልፉ ይችላሉ፣ 2000 ከሆነ አያልፉም። እዚህ ላይ ምንም ኮድ አይረዳም። ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ `ask` ራሱን የቻለ ሦስተኛ ዝርዝር ሆኖ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ፣ የሚጠይቀው ሰው ስምና የመጨረሻ ቀን ተጽፎበት። ቀን ከሌለው «ይጠየቅ» ማለት በትህትና መጥፋት ነው።

የመጨረሻው ቀን ደርሶ ካልታወቀስ? ይሄ የደንቡ ባለቤት ውሳኔ ነው፣ የፕሮግራመር አይደለም። በየቱ በኩል መሳሳት ይሻላል የሚል ጥያቄ ስለሆነ። ድርጅቱ ለፍየሉ «ይሰጠው» አለ፤ የ17 ዓመት ልጅ ፍየል ቢያረባ ማንም አይጎዳም። ጉዳዩ ጋብቻ ቢሆን ግን ያው ባዶ ሳጥን ተቃራኒውን ይጠይቃል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ለሁለቱም ተጋቢዎች 18 ይላል፤ እዚያ «አይታወቅም» ማለት «አይቻልም» መሆን አለበት።

አሁን ማንኛውንም ዝርዝር ከማውጣቴ በፊት አንድ መስመር እጽፋለሁ፤ ያለፉት፣ የወደቁትና የሚጠየቁት ተደምረው ከተመዘገቡት ጋር እኩል ካልሆኑ ፕሮግራሙ ይቆማል። እናትየዋ ያን ቀን ስማቸው በመጀመሪያው ዝርዝር ግርጌ በእስክሪብቶ ተጨመረ። መዝጋቢው እያነበበ በጣቱ አሳያቸው፣ ስሙን አይተው «ይኸው ነው?» አሉና ወደ ሚኒባሱ ሄዱ።