ሦስት ምንጭ ሲሰረዝ ስንት ቁጥር ይቀየራል?

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። መመረቂያ ጽሑፍ እየሠራችሁ ያላችሁ፣ በተለይ የጤና ተማሪዎች፣ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። የማይመለከታችሁ እለፉት፣ አልቀየምም።

የጤና ሰዎች ምንጭ የሚጠቅሱት በቁጥር ነው። ቫንኩቨር ስታይል ይሉታል። ስሙ የመጣው ከካናዳዋ ከተማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች እዚያ ተሰብስበው ወደ መጽሔቶቻቸው የሚላኩ ጽሑፎች አንድ ዓይነት መልክ እንዲኖራቸው ስለተነጋገሩ ነው። ሕጉ ቀላል ነው። በጽሑፉ መጀመሪያ የተጠቀሰው ምንጭ 1 ይባላል፣ ቀጥሎ የመጣው 2፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ያው ምንጭ ታች ተመልሶ ሲመጣ አዲስ ቁጥር አይሰጠውም፣ የመጀመሪያውን ይዞ ይቀጥላል። መጨረሻ ላይ ያለው ዝርዝርም የሚደረደረው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው እንጂ በፊደል ተራ አይደለም።

ደስ የሚለው አጭር መሆኑ ነው። ጣጣው ደግሞ ቁጥር መልክ የለውም። በደራሲ ስም ብትጠቅሱ ስሙ ሲሳሳት ዓይን ይይዘዋል። (7) ግን ሁልጊዜ (7) ነው። ዛሬ የአንዱ ጥናት ነው፣ ነገ ዝርዝሩ ሲነካ የሌላው ይሆናል፣ ገጹ ላይ ግን ምንም የተለወጠ ነገር አይታይም።

እኔ የሂሳብ አስተማሪ ነኝ፣ ያለኝ ዲፕሎማ ነው፣ ቲሲስ ጽፌ አላውቅም። ይሄን ጉዳይ ያወቅኩት በታናሽ እህቴ ነው። አዋላጅ ነርስ ናት፤ ከመመረቂያ ጽሑፏ ቆርጣ ለመጽሔት የምትልከው አጭር ጽሑፍ አዘጋጅታ ነበር። ርዕሱ እናቶች ለምን ቤት ውስጥ ይወልዳሉ የሚል ነው። 20 ምንጭ አለው። አማካሪዋ አይተው መለሱት፦ 4ኛው በጣም አሮጌ ነው፣ አውጪው። 13ኛው የማይከፈት ሊንክ ነው፣ አውጪው። መግቢያው ላይ (8,9) ያለበት አንቀጽ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። ዓርብ መላክ አለበት፣ ቀኑ ረቡዕ ነው።

እሷም ሰረዘች። ዝርዝሩ የተሠራው በወርድ አውቶማቲክ ቁጥር ስለሆነ ሦስቱ ሲወጡ ራሱን አስተካክሎ ከ1 እስከ 17 ተደረደረ። ሲያዩት ያምራል። ጽሑፉ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ግን በእጅ የተጻፉ ስለሆኑ አንዳቸውም አልተነቃነቁም። «ጋሼ፣ ጽሑፉ ውስጥ 20 የሚል አለ፣ ዝርዝሩ ግን 17 ላይ ያልቃል፤ ይሄ ነገር ምንድነው?» ብላ ደወለችልኝ።

20ው ቀላሉ ነው፣ የሚጠቁመው ነገር ስለሌለ ራሱን ያጋልጣል። አደገኞቹ መሃል ያሉት ናቸው። ለምሳሌ የእናቶች ማቆያ ቤት መኖሩ በጤና ተቋም መውለድን ይጨምራል የሚለው ዓረፍተ ነገር (14) ይላል። አዲሱ ዝርዝር ላይ 14ኛውን ስናይ ያገኘነው ድሮ 17ኛ የነበረውን ነው፣ እሱ ደግሞ ስለ ባሎች ውሳኔ የተሠራ ጥናት ነው። መርማሪ ይሄን ከፍቶ ቢያይ ተንሸራቷል አይልም፤ ያላነበበችውን ጠቅሳለች ነው የሚለው። በዓመቷ ለዚህ ጥናት በእግሯ የዞረችውን ቀበሌ እሱ አያውቅም።

አሁን ብዙ ሰው የሚያስበውን ልንገራችሁ። «ከ4 በኋላ ያሉትን አንድ ቀንስ፣ ከ9 በኋላ ሁለት፣ ከ13 በኋላ ሦስት» ይላል። ምንጮቹ ብቻ ተሰርዘው ሌላው ባለበት ከቆየ ይሠራል። እዚህ ግን አንቀጽ ወጥቷል። በወጣው አንቀጽ ውስጥ ከነበሩት 9ኛው ሌላ ቦታ የለም፣ ስለዚህ ሄደ። 8ኛው ግን ታች ውይይቱ ላይ፣ ከ17 በኋላና ከ18 በፊት፣ እንደገና ተጠቅሷል። አልሞተም፣ ቤት ቀየረ እንጂ። የመጀመሪያ መገኛው አሁን እዚያ ስለሆነ ቁጥሩም ከ17 ቀጥሎ ነው የሚመጣው። ዝም ብሎ ቢቀነስ 7 ይሆን ነበር፤ ያኔ አንባቢው ከ6 ወደ 8 ይዘላል፣ 7ን የሚያገኘው ከስንት ገጽ በኋላ ነው። ቁጥሩና ዝርዝሩ ይገጣጠማሉ፣ ተራው ግን ፈርሷል። በእኔ ግምት ይሄ ከመንሸራተቱ የቀለለ ጥፋት ነው፣ አንባቢን ወደ ሌላ ጥናት አይወስድም፤ መጽሔቱ ግን ሊመልሰው ይችላል።

ስለዚህ የድሮውን ቁጥር ከአዲሱ ጋር ወረቀት ላይ አዛመድን። ተማሪዎቼ ፋንክሽን የሚሉት ነገር ነው፣ ለምን ይጠቅማል እያሉ የሚያሰለቹኝ።

1፣ 2፣ 3 እንዳሉ ይቆያሉ
5፣ 6፣ 7 ወደ 4፣ 5፣ 6
10፣ 11፣ 12 ወደ 7፣ 8፣ 9
14፣ 15፣ 16፣ 17 ወደ 10፣ 11፣ 12፣ 13
8 ወደ 14
18፣ 19፣ 20 ወደ 15፣ 16፣ 17

ሦስት ምንጭ ወጣ፣ ከቀሩት 17 ውስጥ 14ቱ ቁጥራቸው ተቀየረ። አሁን ይሄን ጽሑፉ ላይ እንዴት እናውርደው?

በ "Find and Replace" በቀጥታ 5ን በ4 ተካ ብትሉት ጉድ ነው የሚሆነው። 15 ውስጥ ያለውን 5 ይይዛል፣ «5 ኪሎ ሜትር» የሚለውን ይይዛል፣ 45 በመቶውን 44 ያደርገዋል። (5) ብላችሁ ከነቅንፉ ብትፈልጉ ደግሞ (5,8,20) ውስጥ ያለውን ያልፈዋል። ሌላም አለ፦ 8ን በ14 ከተካችሁ በኋላ የ14 ተራ ሲደርስ አዲሱም የድሮውም 14 አንድ ላይ 10 ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ መለየት አይቻልም።

እኛ ያደረግነው ይሄ ነው። ከሁሉ በፊት ከስረዛው በፊት የነበረውን ፋይል አወጣን። የድሮው ዝርዝር ከነቁጥሩ ካልተያዘ ምንም መሥራት አይቻልም፣ ስለዚህ አተምነው። ቀጥሎ በሰረዝ የተጻፉትን ዘረዘርን። (3-6) የሚለው ውስጥ 4 እና 5 አሉ፣ ግን አይታዩም፣ ብትፈልጓቸውም አይገኙም። (3,4,5,6) ብለን ጻፍነው። (12-14) ደግሞ (12,13,14) ሆነ።

ከዚያ እያንዳንዱን ቁጥር በቃል ተካነው፣ በአማርኛ ቃል። ጽሑፏ በእንግሊዝኛ ነው፤ የግዕዝ ፊደል ከምንም ጋር አይምታታም፣ ከሩቅም ይታያል። 14 [[ማቆያ]] ሆነ፣ 17 [[ባል]]፣ 8 [[ርቀት]]፣ 10 [[አምቡላንስ]]። ይሄን ክፍል በእጅ ነው የሠራነው፣ ከላይ ወደ ታች እያነበብን፣ የታተመውን ዝርዝር እያየን። አንድ ሰዓት ከምናምን ወሰደ። ግን ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ጥቅስ ስም አለው። እህቴ ራሷ አንድ ቦታ ላይ «ይሄማ [[ባል]] አይደለም፣ እዚህ የፈለግኩት ሌላ ነው» ብላ አስተካክላለች። ቁጥር ቢሆን ኖሮ አታየውም ነበር።

አሁን ስረዛው መጣ። አንቀጹ ወጣ፣ የ4 እና የ13 ቃላት ካሉበት ሁሉ ወጡ። ከዚያ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረን እያንዳንዱ ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ ሲል ወረቀት ላይ ጻፍን፦ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። [[ርቀት]] ራሱ 14ኛ ሆኖ መጣ፣ ማንም ሳያሰላው።

እዚህ ላይ ሰንጠረዥ ተጠንቀቁ። 11ኛው ምንጭ ያለው ሰንጠረዥ 1 ውስጥ ብቻ ነው። ሕጉ ሰንጠረዡ ገጹ ላይ የተቀመጠበትን ቦታ አይደለም የሚያየው፣ ጽሑፉ «ሰንጠረዥ 1» ብሎ መጀመሪያ የጠራበትን ነው። ሰንጠረዡ ቦታ አጥቶ ወደሚቀጥለው ገጽ ወርዶ ስለነበር በዓይን ብንቆጥር 12ኛው ይቀድመው ነበር።

ከዚህ በኋላ ነው መተካት የተጀመረው። [[ማቆያ]] በ10፣ [[ባል]] በ13፣ እንዲህ እያለ። አሁን "Replace All" ቢጫን ምንም አይፈራም፣ በሁለት ቅንፍ የታሰረው ቃል ሌላ የትም የለም። የድሮው (3,4,5,6) አሁን (3,4,5) ስለሆነ ተመልሶ (3-5) ሆነ። የድሮው (12,13,14) መሃሉ ስለወጣ (9,10) ብቻ ቀረ። (5,8,20) ደግሞ (4,14,17) ሆነ። ቅንፍ ውስጥ ቁጥሮቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ መሆናቸውንም እዩ፤ (8,5) ዓይነት ነገር ሊፈጠር ይችላል።

መጨረሻ ላይ ፈተሽነው። መጀመሪያ [[ ብለን ፈለግን፣ አንድም ከተገኘ ያልተተካ አለ ማለት ነው። ከዚያ ከላይ ወደ ታች አዲስ የሚመጣውን ቁጥር ብቻ እየጠራን ዝርዝሩ ላይ ምልክት አደረግን፤ 17 ምልክት መሙላት አለበት፣ መዝለልም የለበትም። ይሄ ግን ተራውን እንጂ እውነቱን አያሳይም። ስለዚህ እያንዳንዱ የተሰረዘ ቁጥር ቀጥሎ ያለውን ጥቅስ፣ ማለትም አዲሶቹን 4፣ 7 እና 10፣ እንዲሁም ቤት የቀየረውን 14፣ ዓረፍተ ነገሩንና የጥናቱን ርዕስ ጎን ለጎን አነበብን። መንሸራተት የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው፤ እነሱ ከገጠሙ መሃላቸው ያለው ብዙ ጊዜ ይገጥማል።

ገና ለምትጀምሩት፦ ቁጥሩን በእጅ አትጻፉ። ዝርዝሩን በአውቶማቲክ ቁጥር ሥሩና ጥቅሱ ቦታ ላይ ከወርድ "Cross-reference" ውስጥ "Numbered item" መርጣችሁ አስገቡ። ስትሰርዙ ሁሉንም በ Ctrl+A ይዛችሁ F9 መጫን ነው። የተሰረዘ ምንጭ የሚጠራ ቦታ ከቀረ "Error! Reference source not found." ብሎ ይጮኻል፣ እሰየው ነው። ተራውን ግን አይጠብቅላችሁም፤ እንደ 8ኛው ቤት የቀየረ ካለ ዝርዝሩ ላይ ራሳችሁ ታንቀሳቅሱታላችሁ።

ዞቴሮ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ተራውንም ይሠራል። አንድ ነገር ብቻ፦ ስትሰርዙ ጽሑፉ ውስጥ ያለውን ጥቅስ ሰርዙ። ከታች ዝርዝሩ ላይ በእጅ ያጠፋችሁት "Refresh" ሲባል ተመልሶ ቁጭ ይላል። መጽሔቱ ግንኙነቱ የተቋረጠ ፋይል ከፈለገም "Unlink Citations" የምትሉት ኮፒው ላይ ይሁን፣ ዋናው ይቆይ፤ አማካሪ አንድ ጊዜ ብቻ አያርምም።