የተንቀጠቀጠችው ሲኒ

መድረክ ላይ ቆሜ ስሰብክ ድምፄ አይንቀጠቀጥም። ጎረቤት ቤት ሲኒ ስቀበል ግን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስብከቱን ተዘጋጅቼበት እመጣለሁ፤ የሚያቋርጠኝም የለም። እዚህ ላሊበላ ቡና ላይ ግን ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጦ መጠየቅና መመለስ አለ። «ፓስተሩ ኮሩ እንዴ?» ይሉኛል ብዬ ስለምፈራ አቦሉን እንደ ጠጣሁ ሥራ አለብኝ ብዬ እነሣለሁ።

አንድ ጊዜ የጎረቤታችን አባወራ አረፉ። የምናገረው ጠፍቶኝ ከለቅሶ ቤቱ በር ተመለስኩ። ከሳምንታት በኋላ ባለቤታቸው መንገድ ላይ አግኝተውኝ «እርስዎም ረሱን?» አሉኝ።

ዓይን አፋርነት ሁሉ ሕመም አይደለም። ሰው ይታዘበኛል የሚል ፍርሃት 6 ወርና ከዚያ በላይ ቆይቶ ከሥራ፣ ከለቅሶ፣ ከዕድር ሲያስቀር ግን ባለሙያዎች ማኅበራዊ ጭንቀት ይሉታል። ፍርሃቱን የሚያቆየው ደግሞ ለማምለጥ የምናደርገው ነገር ነው። ቶሎ ስነሣ እፎይ እላለሁ፤ ልቤ ግን «የተረፍኩት ስለ ሸሸሁ ነው» ብሎ ይማራል። ሲኒውን አጥብቄ ስይዝ ይብሱን ይንቀጠቀጣል። የምመልሰውን በልቤ ሳጠና ሰዎቹ የሚሉትን አልሰማም። ጸሎቴም ሳይቀር መሸሻ ሆኖ ነበር፤ «ፍርሃቱን አንሣልኝና እሄዳለሁ» እል ነበርና።

በሥነ መለኮት ኮሌጅ አብሮኝ የተማረ፣ ዛሬ በምክር አገልግሎት ላይ ያለ ወንድም ትንንሽ ደረጃዎች አወጣልኝ። መጀመሪያ ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ሦስት ሻጮችን የገብስ ዋጋ ጠየቅሁ፤ ለእያንዳንዳቸውም «ዘንድሮ አዝመራው እንዴት ነው?» የሚል ጨመርኩ። ቀጥሎ ቡና ላይ እስከ ቶና መቆየት፣ ከዚያም እስከ በረካ፣ ሲኒውንም እንደ ማንም ሰው በአንድ እጅ መያዝ። አንዱ ደረጃ እስኪቀልለኝ ደጋግሜ እንጂ ወደሚቀጥለው አላልፍም። ሲከብደኝ ለሁለት እከፍለዋለሁ።

ከመሄዴ በፊት የምፈራውን፣ ስመለስ የሆነውን በደብተር እጽፍ ነበር። አንድ ቀን በፊት የጻፍኩት «ቡናው ይፈስሳል፤ ይስቁብኛል» የሚል ነው። ስመለስ የጻፍኩት፦ «እውነትም ፈሰሰ። ልጅቷ በጨርቅ ጠረገችው። ወሬው ስለ ዝናብ ቀጠለ።»

ይህ ለሁሉ አይበቃም። ሰው ፊት ለመቅረብ መጠጥ ወይም ጫት የሚያስፈልገው፣ ወይም መኖር ያስጠላው ወንድም ወይም እኅት ወደ ጤና ባለሙያ ይሂድ። አብሮት የሚሄድ ሰውም ይኑረው።

በመጨረሻ እኚያ እናት ቤት ሄድኩ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም ነበር፤ እየጸለይኩ ግን ሄድኩ። ያጠናሁት ቃል አልነበረኝም። «ያን ቀን በሩ ድረስ መጥቼ ፈርቼ ተመለስኩ» አልኳቸው።

ዝም ብለው አዩኝ። «ይቀመጡ እንጂ» አሉኝና ስለ ባለቤታቸው ያወሩኝ ጀመር። እስከ በረካ ቆየሁ።