ጋውኑ የቡላ ነው

ፎቶውን አይታችሁ እንኳን ደስ አለህ ያላችሁኝ ሁሉ ተባረኩ። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ፣ ዕፅዋት ሳይንስ። በግራዬ ያለችው እማዬ ናት፤ በቀኜ ኮት የሰፋበት አባዬ ነው፣ ኮቱ የጎረቤት ነው። በቤታችን ከእኔ በፊት ስምንተኛ ክፍልን ያለፈ የለም። አያቴ ወንጂ አገዳ ሊቆርጥ ሲሄድ ከብት የሚጠብቅ ጠፋና አባዬ አራተኛ ክፍል ላይ አቆመ። እማዬ ደብተር ይዛ አታውቅም።

«መንግሥት አስተማረህ» ለምትሉኝ አንድ ነገር ልበል። ዩኒቨርሲቲ የበላሁትና ያደርኩበት በወጪ መጋራት የፈረምኩበት ዕዳ ነው፤ ሥራ ስይዝ ከደመወዜ ይቆረጣል። ማንም ውል ሳያስፈርመኝ የተከፈለልኝ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለው ነው። ከለሞ ገጠር የመጣን ልጆች ሆሳዕና ላይ ለአራት አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር የምንማረው። ኪራዩ በየወሩ፣ ስንቁ በየሳምንቱ። አብዛኛው የወጣው ከጓሯችን እንሰት ነው።

እንሰት ተተክሎ፣ እየተነቀለ ቦታ እየቀየረ፣ ለመድረስ አራትና አምስት ዓመት ይፈልጋል፤ ደጋ ላይ ከዚያም ይበልጣል። እማዬ የደረሰውን ትመርጥና ቅጠሉን ትመለምላለች። የግንዱን ልጥ ሳንቃ ላይ አስደግፋ፣ በአንድ እግሯ ረግጣ ይዛ፣ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትፍቃለች። አሚቾው ለብቻው ይከተከታል። ሲጨመቅ የሚወርደው ነጭ ውሃ ሲጠል ከታች የሚዘቅጠው ቡላ ነው። የተረፈው፣ ኮባ በተነጠፈበት ጉድጓድ ገብቶ፣ ተብላልቶ ቆጮ ይሆናል። ወንድ ልጅ እዚያ ድርሽ አይልም፣ ነውር ነው። እኔም ያን ሁሉ ዓመት ስበላ አንድም ቀን አላገዝኳትም።

ከአንድ እንሰት የሚገኘው ቡላ ጥቂት ነው፣ ዋጋው ግን ከቆጮው ይበልጣል። ስለዚህ ቡላው ገበያ ወጥቶ ኪራይ ሆነ፤ ቃጫው ተሽጦ ደብተርና እስክሪብቶ ሆነ። ቤት የቀረው ቆጮ ነው። ታናናሾቼ ቡላ የሚቀምሱት ለያሆዴ ብቻ ነበር፣ እሱም ለአታካና የሚሆን ከተረፈ።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ አጠውልግ ገባብን። መጀመሪያ መሃል ላይ ያለው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ይጠወልጋል፤ ግንዱን ስትቆርጡት ቢጫማ ዝልግልግ ነገር ያዣል። ያ ከታየ መድኃኒት የለውም፣ ነቅሎ ማስወገድ ነው። እማዬ በሽታው ሳይቀድማት ብላ ጤነኞቹንም፣ ገና ያልደረሱትን፣ ቆረጠች። ያልደረሰ እንሰት መቁረጥ እኛ ዘንድ የዘር እህል እንደ መብላት ነው፤ የሚወጣው ትንሽ፣ የከርሞው ደግሞ ባዶ።

ያን ጊዜ ነው ደላላ ቤታችን የመጣው። የመንደራችን ወጣት ብዙው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ አዲስ ቆርቆሮ ያብለጨለጨበት ቤት ሁሉ ከዚያ በመጣ ብር የተሠራ ነው። «በሬህን ሽጥና ልጅህን ላከው፣ በዓመቱ ሁለት በሬ ይልክልሃል» አለው። አባዬ «ተምሮ ካልሆነለት ያኔም መንገዱ አለ፤ ሄዶ ካልሆነለት የት ብዬ እፈልገዋለሁ?» አለ። በሬውን ግን ሸጠው፣ ለእኔ ኪራይ። የቀረውን አንዱን ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅቶ፣ ተራ እየጠበቀ ያርስ ነበር። ዝናብ የጎረቤቱን ተራ ሲመርጥ የእኛ መሬት ዘግይቶ ይዘራል፤ ያን ዓመት ስንዴው ቀጭን ነበር። በ2015 ጥቅምት፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ማላዊ ውስጥ፣ ምዚምባ በሚባል ቦታ፣ ኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ ሰዎች የጅምላ መቃብር ሲገኝ እኔ ዶርም ነበርኩ። አባዬ በጎረቤት ስልክ ደውሎ «እዚያው ግቢ ነህ አይደል?» ብሎ ዘጋው።

አጠውልግን ክፍል ውስጥ ስንማር፣ ባክቴሪያ መሆኑንና የታመመ እንሰት በቆረጠ ቢላዋ ወደ ጤነኛው እንደሚተላለፍ ሰማሁ። ለእረፍት ስሄድ እማዬን «ከአንዱ ወደ አንዱ ስታልፊ ቢላዋውን እሳት ላይ አግይው» አልኳት። «ለዚህ ነው ይኼን ያህል ዓመት የምትማረው?» ብላ ሳቀችብኝ። አሁን ግን የጎረቤት ቢላዋ እሳት ሳያይ ጓሮዋ አይገባም። ደግሞ አንድ ጎረቤት ሳያግል ሊገባ ሲል «ልጄ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ነው» ስትል ሰምቻታለሁ።

የመውጫ ፈተና ውጤት የወጣ ቀን አባዬ «50 አለፍክ?» ብቻ ነው ያለኝ። ከ2015 ወዲህ ከመቶ 50 ያላመጣ ዲግሪ እንደማይወስድ ከማን እንደሰማ አላውቅም፤ መንደሩ ሁሉ ያውቅ ነበር።

እማዬ፣ አባዬ፣ ስልክ ስለሌላችሁ ይህን የምታነብላችሁ እህቴ ናት፤ ድምፅሽን ከፍ አድርጊና አንብቢ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጣችሁ። ሥራ ገና ነው፣ እየፈለግኩ ነው።

እሁድ ቤታችን ኑ። አታካና አለ፣ የዘንድሮው ቡላ ገበያ አልወጣም፤ ቅቤውን የእማዬ የዊጆ ሴቶች አዋጥተዋል። በጋውኑ ፎቶ ለመነሳት ያሰባችሁ ቀደም ብላችሁ ድረሱ፤ ሰኞ ይመለሳል፣ አሁን ደግሞ እማዬ ለብሳው ገበያ ወጥታለች።