የዓሣ ፊሌቶ ስንት ደቂቃ ይጠበሳል?

ገደብ የምትኖር የድሮ ተማሪዬ ሰሞኑን በውስጥ መስመር "ቲቸር፣ ፊሌቶ ስንት ደቂቃ ነው የሚጠበሰው? እኔ ስጠብሰው ወይ ይበታተናል፣ ወይ እንደ ቋንጣ ይደርቃል፤ ልጆቼም አንበላም አሉ" ብላ ጻፈችልኝ። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ስለሚመስለኝ እዚህ ልመልሰው።

በመጀመሪያ ገደብ ሐይቅ የለውም። ዓሣው ከሐዋሳ ወይም ከአባያ ተነስቶ፣ በዲላና በይርጋ ጨፌ በኩል አድርጎ፣ በበረዶ ወይም ፍሪጅ ውስጥ ደርቆ ነው የሚደርሰን። በረዶው ሲቀልጥ ፊሌቶው ውኃ ያዝላል። ውኃ ያዘለ ዓሣ መጥበሻ ላይ ሲያርፍ ዘይቱን ያቀዘቅዘዋል፤ በራሱ ውኃ ይቀቀልና ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ስትገለብጡት ይበታተናል። ስለዚህ ማታ ፍሪጅ ውስጥ አቅልጡት፤ ከመጥበስ በፊት በንጹሕ ጨርቅ ሁለቱንም ገጽ ጫን እያላችሁ አድርቁት። ሶፍት አትጠቀሙ፣ ይጣበቅበታል። ጨውን ልትጠብሱ ስትሉ ነው የምትነሰንሱት፤ ቀደም ብሎ ከተደረገ ውኃውን መልሶ ያወጣዋል።

እሳቱ ከመካከለኛ ትንሽ ከፍ ያለ ይሁን። ከሰል ከሆነ ነበልባሉ እስኪጠፋና ፍሙ ስስ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ። ባዶውን መጥበሻ አግሉና አንድ ጠብታ ውኃ ጣል አድርጉበት፤ እየተንከባለለ ከጠፋ ደርሷል። ውኃው ጨርሶ ሲደርቅ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ። ዘይቱ ሲያብረቀርቅና መጥበሻውን ስታዘነብሉት እንደ ውኃ ሲፈስ ዓሣውን አስገቡ። ከጨሰ ግን አልፏል፤ አውርዱትና ትንሽ ይብረድ።

አሁን ወደ ደቂቃው። ገበያችን ላይ የሚበዛው የቆሮሶ ፊሌቶ ወፍራም ቦታው አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ለዚህ የመጀመሪያው ገጽ ሦስት ደቂቃ፣ ሁለተኛው ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ግማሽ ኪሎ ካላችሁ በሁለት ዙር ጥበሱ፤ መጥበሻው ከታጨቀ እሳቱ ይወርዳል። ካስገባችሁ በኋላ አትነካኩት፣ አትክደኑትም። ጎንበስ ብላችሁ ጎኑን እዩ፦ መስታወት መሳዩ ሥጋ ከታች ወደ ላይ እየነጣ ይመጣል። ንጣቱ ከውፍረቱ ሁለት ሦስተኛውን ሲይዝና ጠርዙ ወርቃማ ሲሆን በመገልበጫ ጫፉን ሞክሩት። በቀላሉ ከተነሳ ገልብጡ፤ ከያዘ ግማሽ ደቂቃ ጨምሩለት፣ ራሱ ይለቃል። መገልበጥ አንዴ ብቻ ነው።

ሁለት ሴንቲ ተኩል የሚሆን ወፍራም ናይል ፐርች ከሆነ አራት አምስት ደቂቃ ጠብሳችሁ፣ ስትገለብጡት እሳቱን ቀነስ አድርጋችሁ ሦስት አራት ደቂቃ ስጡት። እሳቱ ካልተቀነሰ ላዩ ያርርና መሐሉ ጥሬ ይቀራል።

ደቂቃው ግምት ነው፤ የሚወስነው ሹካ ነው። ወፍራሙ ቦታ ላይ ወጋ አድርጋችሁ በቀስታ ጠምዝዙት። በስሎ ከሆነ ሥጋው በንብርብር ይላቀቃል፣ ውስጡ ነጭ ሆኖ እርጥበቱን እንደያዘ ነው። መሐሉ ላይ አሁንም መስታወት የሚመስልና ሲጠመዘዝ የሚለጠጥ ነገር ካለ አንድ ደቂቃ ይጨመርለት። ነጭ አረፋ መሳይ ነገር በብዛት ከጎኑ እየወጣ፣ ሥጋው እየተኮማተረ ከሆነ ደግሞ አልፎበታል። ተማሪዬን ያስቸገራት ይሄኛው ነው፦ "ልጆች ስለሚበሉት በደንብ ይብሰል" ብላ አሥር ደቂቃ ታቆየዋለች።

ፍርሃቷ ግን መሠረት አለው። ሐዋሳ አሞራ ገደል ጥሬ ፊሌቶ በዳጣ ሲበላ ያያችሁ አላችሁ። የሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ የትል እጭ ሊኖረው እንደሚችል በጥናት የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ለልጅ ጥሬ ወይም ለብለብ አልመክርም። ዓሣ ግን እንደ በሬ ሥጋ ረጅም ጊዜ አይፈልግም። የመሐሉ ሙቀት 63 ዲግሪ ከደረሰ ይበቃል፤ ወፍራሙ ቦታ እስከ መሐሉ ነጥቶ በንብርብር ሲላቀቅ እዚያ አካባቢ ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ደቂቃ የሚያደርቀው ብቻ ነው።

በርበሬና ሚጥሚጣ መጥበሻው ላይ ስለሚያሩና ስለሚመሩ ከወረደ በኋላ አድርጉ። ሎሚ ጨመቅ፣ ዳጣ ከጎን፣ ትኩስ ቆጮ ካለ ደግሞ ሌላ ምን ይፈለጋል!

አምባዛ ላይ ግን ቀለሙን ብቻ አትመኑ። ሥጋው ከቆሮሶ ቀላ ስለሚል ንጣቱ እንደዚያ አይታይም፤ እሱን በሹካ ብቻ ነው የምትለዩት።